ሼባው አርብ ይፈርማል

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ያን ሐሙስ ቀን መጀመሪያ የተሰማኝ ርኅራኄ ነው ብዬ እንዳልዋሽ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር።

ላፍቶ ውስጥ ባለ የብስኩት ፋብሪካ ጸሐፊ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት ደብዳቤ በታይፕ በሚመታበት ዘመን ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ወረቀቱ ተቀዶ እንደገና ይጀመር ነበር፤ ስለዚህ ከመምታቴ በፊት ማሰብ ለመድኩ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ፤ እኔ ግን ከበሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛዬ አልተነቃነቅኩም። «ጉዳዩ» ብዬ ጀምሬ «ከሰላምታ ጋር» እስክል ድረስ እጄ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። በዚህ እኮራለሁ። ኩራቴ ደግሞ ያን ሳምንት አንዲት ልጅ እንጀራዋን ልታጣበት ምንም አልቀራትም ነበር።

ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ምሳዬን በልቼ ሳልጨርስ ስልኬ ላይ የቴሌግራም መልእክት ገባ። የላከችው ከማሸጊያ ክፍል የምትሠራ ወጣት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት የወሊድ ፈቃዷን ቅጽ ስሞላላት ቁጥሬን ወስዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለበዓል በስተቀር አትጽፍልኝም። እንዲህ ይላል፦

«እትዬ ሰላም ነሽ? እኔ አልቆልኛል በቃ። ሰርቪሱ ሙድ እየያዘብን ነው። በጠዋቱ 11፡15 ብለው ለጥፈው ሹፌሩ በ11፡05 በ11፡07 ላሽ ይላል። ሦስቴ ጥሎኝ ሄደ ሦስቴም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ ማንም ነቄ አላለም። አሁን እኔን ላሽ በይ ሊሉኝ ነው፣ አለቃዬ ራሱ ነገረኝ። ሼባው አርብ ይፈርማል አለ። እሱ ምን አለበት፣ መኪናው ውስጥ ተንፈላሶ ይመጣል። እኔ ክንፍ የለኝ በርሬ አልመጣ። ልጄን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ደግሞ 11 ሳይሞላ በሯን አትከፍትም። ከፈለጉ ሥራቸውን ይያዙት ፋራ ሁላ። አይ ስቀልድ ነው እትዬ፣ ሥራዬን ነው የምፈልገው። ወፍ የለም እንዴ? ፕሊስ ፕሊስ ፕሊስ።»

«ሼባው» ያለችው የኦፕሬሽን ከፍተኛ ዳይሬክተራችንን ነው። ከመጣ ስምንት ወር ቢሆነው ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ማለትም በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ያንሳል። እሱ ሼባ ከሆነ እኔ ምን ልሆን ነው ብዬ ምሳ ዕቃዬን ዘጋሁት። ስለ «ፋራ ሁላ»ማ ባልናገር ይሻላል።

ከንዴቴ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ደስ የማይል ነገር። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከኮምፒውተሬ በስተቀኝ፣ ለፊርማ የሚገቡ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበት ቀይ ማህደር አለ። በውስጡ ያለችውን የልጅቷን የስንብት ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ረቡዕ ዕለት ከሰው ኃይል ክፍል ረቂቁ መጣልኝ፤ አረምኩት፤ «በተደጋጋሚ ከሥራ ሰዓት በመዘግየትዎ» የሚለውን አስተካከልኩ፤ «ለድርጅታችን ላበረከቱት አስተዋጽኦ እያመሰገንን» የሚል ጨመርኩበት፤ አትሜ ማህደሩ ውስጥ ከተትኩት። ስሟን አይቻለሁ። «ይቺ ያቺ ልጅ አይደለችም?» ብያለሁ። ከዚያ ቀጣዩን ደብዳቤ አነሳሁ። እንዲህ ነው እውነቱ።

ዳይሬክተሩ ደብዳቤዎቹን የሚፈርመው ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰውየው በቻት የሚነገረው ነገር አይገባውም፤ ማለቴ ሊገባው አይፈልግም። ከመጣ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የምርት ኃላፊ ችግሩን በቴሌግራም ጽፎ ቢልክለት፣ «ይህ ወሬ ነው፤ ሥራ ከሆነ በኢሜይል ይጻፉልኝ» ብሎ መልሶለታል። ፊቱ የመጣ ሰው ደግሞ «በጽሑፍ» ይባላል። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ስለዚህ ልጅቷ ሄዳ እግሩ ላይ ብትወድቅ እንኳ ዋጋ የለውም ነበር። የነበራት አንድ መንገድ ያ የቻት መልእክት የዳይሬክተር ጠረጴዛ የሚመጥን ኢሜይል ሆኖ እስከ ማታ እንዲደርስ ማድረግ ብቻ ነው። ካልደረሰ ዓርብ ይፈረማል፤ ሰኞ ባጇን ታስረክባለች፤ ያቺ የሁለት ዓመት ሕፃን የምትጠጣው ወተት አብሮ ይቆማል።

«ከሥራ ስትወጪ ቢሮ ነይ» ብዬ መለስኩላት። «ይመችሽ እትዬ» አለችኝ። ይመቸኝ ብዬ ተነሣሁ።

በመሐሉ ሁለት ሰዓት ነበረኝ። ሌላ ሥራ የለም እንዳልል አለ፤ ግን ወደ ጎን አደረግኩት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልኩ፣ መልእክቷን እንደገና እንኳ ሳላነብ፣ ኮምፒውተሬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። እጄ መንገዱን ያውቀዋል ብያለሁ። እንዲህ ወጣ፦

«ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ድርጅታችን የሠራተኞቹን ደኅንነትና ምቾት ለመጠበቅ የሚያደርገውን ከፍተኛ ጥረት እያደነቅኩ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በተደረገው የሰርቪስ መስመር ማስተካከያ ምክንያት በአንዳንድ ሠራተኞች ላይ መጠነኛ መጉላላት እየተከሰተ መሆኑ ይታወቃል። በመሆኑም ጉዳዩ በሚመለከተው ክፍል ታይቶ፣ እንደ አስፈላጊነቱ መፍትሔ ይሰጥበት ዘንድ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።»

አነበብኩት። ማር ነው አልኩ። አንድ የሚነቀፍ ቃል የለውም፤ ማንንም አያስቀይምም፤ ሼባ የለ፣ ላሽ የለ፣ ፋራ የለ። ለራሴ ሻይ አዘዝኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል ፈረቃዋ አለቀና መጣች። ነጭ ጋዋኗን አውልቃ በእጇ ጠቅልላዋለች፤ የፀጉር መሸፈኛዋ ግን ረስታው አናቷ ላይ ነበር። ከእሷ ጋር የብስኩቱ የቫኒላ ሽታ አብሮ ገባ። ወንበር ሰጠኋት። በሩ ላይ ቆማ ቀዩን ማህደር አየችው። ምን እንዳለበት አላወቀችም፤ እኔ ግን ሳላስበው ጋዜጣ አነሣሁና ላዩ ላይ ጣልኩበት።

ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩላትና «አንብቢው» አልኳት።

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ አነበበች። ጨረሰች። ከላይ ጀምራ ደገመች። ሙገሳዬን እየጠበቅኩ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም።

«እትዬ በጣም ያምራል» አለች። «ዜና ይመስላል። ግን እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ። እዚህ ውስጥ እኔ የለሁማ። ‹አንዳንድ ሠራተኞች› ነው የሚለው። እኔን ነው እንጂ የሚያባርሩት ‹አንዳንድ›ን አይደለም።»

ተቆጣሁ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ደብዳቤ ስጽፍ አንቺ አልተወለድሽም» አልኳት። «ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጻፈው። ሼባው ብለሽ ትጽፊለት ነበር?»

«አይ፣ እሱን ለአንቺ ነዋ የጻፍኩት» አለች፤ አፈረች። ደግሞ ቀስ ብላ፣ «እኔ ብሆን ይህን አንብቤ እሺ ብዬ እተወዋለሁ» አለችኝ።

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት የወጋችኝ። ምክንያቱም ይህን ደብዳቤ ዳይሬክተሩ ሲያነብ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመጡት ከሄዱት አለቆች ሁሉ አይቻለሁ። «ለትራንስፖርት ክፍል ይመራ» ብሎ ይጽፍበታል። ትራንስፖርት ክፍል «ለመረጃ ያህል» ብሎ ፋይል ያደርገዋል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አላጠፋም፣ ደብዳቤውም አልጠፋም፤ ግን ሞቷል። በሚመለከተው ክፍል ታይቶ፣ እንደ አስፈላጊነቱ። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ በጨዋነት። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው።

ደግሞም ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ዳይሬክተሩ ኢሜይሉን የሚከፍተው በስልኩ ነው። ከመክፈቱ በፊት የሚያየው ርዕሱንና የመጀመሪያውን አንድ ሁለት መስመር ነው። እኔ በዚያ መስመር ላይ ያስቀመጥኩት «የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» የሚል ነው። ዓርብ ጠዋት ላይ ሰላምታ የሚከፍት ሰው የለም።

ኩራቴን ዋጥኩት። መዋጡ ጊዜ ይፈልጋል፤ በመሐሉ ሻዬን ጨረስኩ። ከዚያ የጻፍኩትን በሙሉ አጠፋሁና፣ «መልእክትሽን ክፈቺው፣ እኔም እከፍተዋለሁ። ቃል በቃል እንሄዳለን» አልኳት።

እዚህ ላይ ነው ሥራው የተጀመረው። እስከዚያ ድረስ የእሷን ጽሑፍ እንደ ቆሻሻ፣ የእኔን እንደ ንጹሕ ቆጥሬ ነበር። ገለጥ አድርጌ ሳየው ግን ያ የተዝረከረከ ነገር ውስጥ ሰዓት አለ፣ ቦታ አለ፣ ቁጥር አለ፣ ማስረጃ አለ። የእኔ ደብዳቤ ውስጥ አንድም አልነበረም።

«‹በ11፡05 በ11፡07 ላሽ ይላል›፤ ይህን በምን አወቅሽ?»

«እኔ በ11፡10 እደርሳለሁ፤ እዛ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ አለች፣ አሁን ሄደ ትለኛለች። ወዲያው ግሩፕ ላይ እጽፋለሁ።»

«የቱ ግሩፕ?»

«የሰርቪሱ ግሩፕ። አንቺም እኮ አለሽበት።»

አለሁበት። ማስታወቂያ የምለጥፈው እኔ ስለሆንኩ አስገብተውኛል፤ ድምፁን ከዘጋሁት ግን ዓመት አልፎኛል። ከፈትኩት። ያልተነበበው ብዛቱ። ወደ ላይ እየሄድኩ ፈለግኩ፤ አገኘሁት። ማክሰኞ፣ 11፡11፣ «ሰርቪሱ ጥሎኝ ሄደ።» በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ፣ 11፡10፣ «ዛሬም ጥሎኝ ሄደ።» ከዚያ ባለፈው ሰኞ፣ 11፡12፣ «ሰርቪሱ የለም፣ ኧረ ሰው።» ከሥሩ የሳቀ ፊት ያስቀመጠ ሰው አለ። ሌላ መልስ የለም። ሦስቱም ቀን ደግሞ በስንብት ደብዳቤዋ ላይ «ዘገዩ» የተባለችባቸው ቀናት ናቸው። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኳቸው።

በዚያው ግሩፕ ላይ፣ ከሁለት ወር በፊት፣ እኔ ራሴ የለጠፍኩት ማስታወቂያ አለ፦ ሰርቪሱ ከእንግዲህ ልጅቷ የምትኖርበት ፉሪ ውስጥ ድረስ እንደማይገባ፣ ሠራተኞች መታጠፊያው ላይ እንዲጠብቁ፣ ሰዓቱ ከንጋቱ 11፡15 እንደሆነ። ሁለት መስመር በአንድ መኪና ተጠቃለዋልና ሹፌሩ ሌላኛውን ለመድረስ ይቸኩላል። ሰው መታጠፊያው ላይ ካላየ አይቆምም። እሱም ቢሆን የታዘዘ እንጂ ያዘዘ ሰው አይደለም።

«ቀጥይ። ‹እሱ ምን አለበት፣ መኪናው ውስጥ ተንፈላሶ›፤ ይህ ይወጣል።»

«እውነት ነው እኮ።»

«እውነት ነው። ግን አንቺን አይጠቅምም። እሱን ካናደድሽው ስለ መኪናው እንጂ ስለ ሰርቪሱ አያስብም። ‹ፋራ ሁላ›ም ይወጣል። ‹ሥራቸውን ይያዙት›ማ ይህችን ካየ ‹እሺ› ብሎ ይፈርምልሻል።»

ሳቀች። መጀመሪያ ጊዜ ነው የሳቀችው።

«‹ክንፍ የለኝ በርሬ አልመጣ›ስ?» አለች። «እሷን ወድጃት ነበር።»

እኔም ወድጃታለሁ። ግን ክንፍ ለዳይሬክተር አይጻፍም። «ይህቺ አትወጣም» አልኳት፤ «ልብስ ትቀይራለች።» እናም ጻፍኩ፦ «ከዚያ በኋላ በሥራ መግቢያ ሰዓት የሚያደርሰኝ ሌላ መጓጓዣ በአካባቢው የለም።» አነበበችው። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ጎረቤቴ በሯን አትከፍትም» በሚለው ላይ ተከራከርን። እኔ ይውጣ አልኩ፤ የቤት ጉዳይ ነው፣ ዳይሬክተር ስለ ጎረቤት ምን አገባው አልኩ። እሷ አልተስማማችም። «ታዲያ ለምን ቀድማ አትመጣም ቢልስ?» አለችኝ። ትክክል ናት። ማንም አለቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ መልሱ ደብዳቤው ውስጥ ከሌለ ራሱ መልስ ይፈጥርለታል። ስለዚህ ገባ፤ በአጭሩ፣ ያለ ልመና። «ነገር ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይሉ ነበር እናቴ። ያን ዕለት ከልጅቷም ተማርኩት።

ከዚያ ወደ ኢሜይል አድራሻዋ መጣን። ስልኳ ላይ የተከፈተው አድራሻ አለ፤ ንግሥት ነኝ የሚል ነው፤ መጨረሻው ላይ ሦስት ዜሮ። «ይህን ይዘሽ ወደ ከፍተኛ ዳይሬክተር?» አልኳት። «ስልክ ቤት ያለው ልጅ ነው ያወጣልኝ» አለች። በራሷ ስምና በአባቷ ስም አዲስ ከፈትንላት። የይለፍ ቃሉን ስታስገባ ፊቴን አዞርኩ። ከእኔ አድራሻ ልልከው እችል ነበር፤ ፈጣንም ነበር። ግን ነገሩ የእሷ ነው፤ ከእኔ ከሄደ የጸሐፊ አማላጅነት ይሆናል። ከላይ የሚታየው ስም የእሷ መሆን አለበት ብዬ ድርቅ አልኩ።

የተላከው እንዲህ ነበር፦

«ጉዳዩ፦ የስንብት ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት የሰርቪሱ ሰዓት እንዲጣራልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

በመዘግየት ምክንያት ከሥራ ልሰናበት እንደምችል የክፍል ኃላፊዬ ነግረውኛል። ደብዳቤው ነገ ዓርብ ከመፈረሙ በፊት ሰርቪሱ ፉሪ መታጠፊያ የሚያልፍበት ትክክለኛ ሰዓት እንዲጣራልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በማስታወቂያ የተገለጸው ሰዓት ከንጋቱ 11፡15 ነው። ዘገየሽ በተባልኩባቸው ሦስት ቀናት ከ11፡10 ጀምሮ በቦታው ብገኝም ሰርቪሱ ቀድሞ አልፎ ነበር። ሦስቱንም ቀን ወዲያውኑ በሰርቪሱ ግሩፕ አሳውቄያለሁ፤ የመልእክቶቹንና የማስታወቂያውን ምስል አያይዣለሁ። ከዚያ በኋላ በሥራ መግቢያ ሰዓት የሚያደርሰኝ ሌላ መጓጓዣ በአካባቢው የለም። የሁለት ዓመት ልጄን የምትጠብቅልኝ ጎረቤቴ የምትቀበለኝ 11 ሰዓት ላይ በመሆኑ፣ ከ11፡10 ቀድሜ መድረስ አልችልም።

ሥራዬን መቀጠል እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ከሥሩ ሙሉ ስሟ፣ የሥራ መደቧ፣ የመታወቂያ ቁጥሯ፣ ስልኳ። ግልባጭ ለክፍል ኃላፊዋና ለሰው ኃይል ክፍል አደረግን። «ለምን ለእነሱ?» ብላ ፈርታ ነበር። ከጀርባቸው ሄደች እንዳይሉሽ አልኳት። «ሥራዬን መቀጠል እፈልጋለሁ» የምትለው መስመር በሥርዓቱ ቢሆን ቦታዋ አይደለም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እሰርዛት ነበር። ልጅቷ በመልእክቷ መሐል ስትቀልድ ቆይታ ያለችው ነው፤ «ሥራዬን ነው የምፈልገው»። አልሰረዝኳትም።

«ላክ» የሚለውን እሷ እንድትጫነው አደረግኩ። ጣቷ ላይ የዱቄት ብናኝ ነበር። አሥር ሰዓት ከሃያ ነበር።

«በቃ?» አለች።

«በቃ። አሁን ይህን ባርኔጣሽን አውልቂና ሂጂ፤ ልጅሽ ትጠብቅሻለች።» እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ደነገጠች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ዳይሬክተሩ እኔንም በግልባጭ ጨምሮ የላከላትን መልስ አየሁ። «ደርሶኛል።» አንድ ቃል። ያ ቃል ደግ ይሁን ክፉ፣ ሠላሳ ዓመት የዳይሬክተር ቃል ያነበብኩ ሴት አላወቅኩም። ወደ ብስራተ ገብርኤል የሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ በራሴ ላይ እየተናደድኩ ሄድኩ። ቀዩ ማህደር ውስጥ ያለውን ደብዳቤ መቅደድ ይቻለኝ ነበር ብዬም አሰብኩ፤ አይቻለኝም፤ ብቀደውም እንደገና ጻፊው እባላለሁ። እኔ ያለኝ መሣሪያ መጻፍ ብቻ ነው፤ እሱንም ጽፌያለሁ። ራት አልበላሁም።

ዓርብ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስልኬን ሳነሣ ቴሌግራም ላይ ከዳይሬክተሩ መልእክት አለ። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን በቴሌግራም ጽፎልኝ አያውቅም። ሰላምታ የለውም፣ ነጥብ የለውም። 11፡09 ላይ ነው የተላከው።

«ሰርቪሱ ጥሎኝ ሄደ»

መጀመሪያ ልጅቷ መስላኝ ስሙን ደግሜ አየሁት።

በኋላ ሁለቱም በየፊናቸው ነገሩኝ። ሰውየው መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ 11 ሰዓት ላይ መታጠፊያው ላይ ቆሟል። ካፖርት ለብሷል፤ ብርድ ነበር። 11፡07 ላይ ሰርቪሱ መጣ። ሹፌሩ የፋብሪካ ሠራተኛ የማይመስል፣ የማያውቀው አንድ ሽማግሌ አየ፤ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አለፈው። ዳይሬክተሩ እጁን አንሥቶ ነበር ይላል። ልጅቷ 11፡10 ላይ እየሮጠች ስትደርስ፣ ቆሎ ሻጯ «ሄደ፣ እሳቸውንም ጥሏቸው ነው የሄደው» አለቻት። «እሳቸው» የተባለውን ሰው ዞራ ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሰውየው ሰዓቱን እያየ፣ «ገና አምስት ደቂቃ አለን፤ እንጠብቅ» አላት። አምስቱን ደቂቃ ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ከዚያ በመኪናው ወሰዳት። ከፊት አልቀመጥም ብላ ከኋላ ተቀመጠች።

አራት ሰዓት ላይ ቀዩን ማህደር ይዤ ገባሁ። አንድ በአንድ ፈረመ። የእሷ ጋ ሲደርስ አውጥቶ ለእኔ መለሰልኝ። «ይህ ይሰረዝ» አለኝ። «ከፋይሏም ይውጣ።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ለትራንስፖርት ክፍል ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ይያዙልኝ» አለ።

ብዕሬን አነሣሁ። ግን እንደ ወትሮው አልተናገረም። ጠዋት የገባበት ብርድ ገና አልለቀቀውም መሰለኝ፤ ንዴቱ ሁሉ እየተዝረከረከ መጣ። «ቆሜ እያየኝ! እጄን አንሥቼ! ሰው አይደለሁም እንዴ? ደግሞ ያቺ ልጅ እየሮጠች... ልጇን ለሰው ሰጥታ እየሮጠች...» እያለ ቀጠለ። ቃላቱ ለደብዳቤ የሚሆኑ አልነበሩም። እኔ ግን ጻፍኩ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሆነውን። የተቀረውን ልብስ እቀይርለታለሁ።

ሲጨርስ፣ እጄ በልማዱ ሊጀምር ሲል ያዝኩት። «ጌታዬ፣ እርስዎን ምን ብዬ ላስገባዎት?» ብዬ ጠየቅኩት። «‹የማኔጅመንት አባል በአካል በመገኘት ባደረገው ማጣራት› ልበል?»

ለአፍታ በመስኮቱ ወደ ማሸጊያው ክፍል አየ።

«አይበሉ» አለኝ። «‹11፡15 ላይ መታጠፊያው ላይ ሁለት ሰው ቆመን ነበር› ብለው ይጻፉ።»